ቪው በአንድ ሌሊት ሲወርድ የደሴ ነጋዴ መጀመሪያ ምን ይመልከት?

በደሴና በኮምቦልቻ ፌስቡክ ላይ ልብስ፣ ጫማ ወይም የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር አለ። ማታ ተኝቶ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ፖስቶቹ ቆመዋል። ዕቃው ያው ነው። ዋጋው ያው ነው። ፎቶ አነሳሱም አልተለወጠም። ትናንት 6,000 ቪው ያገኝ የነበረ ፖስት ዛሬ 1,600 ላይ ተገትሯል። «ፔጄ ታፈነ» ይላል። ከዚያ መሯሯጥ ይጀመራል። በቀን ሁለቴ ይለጥፍ የነበረው ስምንቴ ይለጥፋል። «ላይክ ሼር አድርጉልኝ» ይላል። ለቦስት ገንዘብ ይከፍላል። ባስ ሲልም ያለውን ትቶ አዲስ ፔጅ ይከፍታል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ከእነዚህ አንዱንም አታድርጉ እላለሁ። «ስንት ወረደ?» ብሎ ከመደንገጥ በፊት «የማን ቪው ነው የወረደው?» የሚለው መታወቅ አለበት። መልሱ ቀጥሎ የሚደረገውን ሁሉ ይለውጠዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን እየተካችሁ አንብቡ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አባያና የሴት ቀሚስ የምትሸጥ ነጋዴ እንበል። ፔጇ 18,000 ተከታይ አለው። ዕቃዋን የምታመጣው ከመርካቶ ነው። አከፋፋዮቹ ሞዴል የለበሰችውን ቪዲዮ በቴሌግራም ይልኩላታል። እሷ ቪዲዮውን ታወርዳለች፣ ዜማውን ትቀይራለች፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር ትጽፍበታለች፣ ትለጥፋለች። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ራሷ ያነሳችውን ፎቶ ትጨምራለች። ብዙ ሱቅ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ለዓመታትም አዋጥቷል።

መጀመሪያ አልጎሪዝም ያልሆነውን እንለይ። እኛ አካባቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአገር ደረጃ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያኔ ቪው የወረደው ፌስቡክ አንድም ነገር ስለቀየረ አልነበረም። ገዢው ራሱ መስመር ላይ አልነበረም። ዛሬም ኔትወርክ ሲደክም ወይም መብራት ሲጠፋ ያው ነገር በትንሹ ይደገማል። መለያው ከተማ ነው። በ Insights ውስጥ ተመልካቾቻችሁ ከየትኛው ከተማ እንደሆኑ ይታያል። የደሴና የኮምቦልቻ ተመልካች ቁጥር ወርዶ የአዲስ አበባው እንዳለ ከሆነ ችግሩ የመስመር ነው። ሁሉም ከተማ በአንድነት ከወረደ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ሁለተኛው ወቅት ነው። አባያ የሚሸጥ ሰው የረመዳንን የመጨረሻ አሥር ቀናት ከኢድ ማግስት ጋር ካወዳደረ ሁልጊዜ የታፈነ ይመስለዋል። በረመዳን ሰው ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ራሱ ይለወጣል፤ ከኢፍጧር በኋላና ከሱሁር በፊት ነው የሚበዛው። ከኢድ በኋላ ወደ ድሮው ሰዓት ይመለሳል፣ የመግዛት ጉጉቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከኢድ በኋላ ያለውን ሳምንት ማወዳደር ያለባችሁ ከአምናው ከኢድ በኋላ ሳምንት ጋር ነው። ያ ካልተገኘ ከረመዳን በፊት ካለ ተራ ሳምንት ጋር አወዳድሩት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፌስቡክ ቀድሞ ጎላ አድርጎ ያሳይ የነበረው ፖስቱ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ገደማ ዋናውን መለኪያ ወደ Views አዞረው። አንድ ሰው ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ቢያየው አሁን ሦስት ይቆጠራል፤ በድሮው መለኪያ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁትን የድሮ ቁጥር ከዛሬው Views ጋር ጎን ለጎን አታስቀምጡ። የሚወዳደሩ ነገሮች አይደሉም።

እነዚህ ሦስቱ ከተነሱ በኋላ ወደ ልኬቱ እንሂድ። ከመውረዱ በፊት የተለጠፉ ዘጠኝ ፖስቶችን፣ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ውሰዱ። አዲሶቹ ቢያንስ ሳምንት የሞላቸው ይሁኑ፤ አለበለዚያ ገና ያልበሰለውን ቁጥር ከጨረሰው ጋር ታወዳድራላችሁ። ዘጠኙን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩና አምስተኛውን ያዙ። አማካይ አታውጡ። ባለፈው ወር አንዱ ቪዲዮ በአጋጣሚ 90,000 ገብቶ ከሆነ አማካዩን ብቻውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ውድቀት መስሎ ይታያችኋል።

የነጋዴዋ አምስተኛ ፖስት ከመውረዱ በፊት 6,000 ነበር፣ አሁን 1,600 ሆኗል። አሁን ፖስቱን ከፍታ የቪው ክፍፍሉን ትመልከት። Followers እና Non-followers ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። በፊት ከ6,000 ውስጥ 1,500ው ተከታዮቿ ነበሩ፣ 4,500ው ደግሞ የማያውቋት ሰዎች። አሁን ከ1,600ው 1,200ው ተከታዮቿ ናቸው፣ 400ው የማያውቋት።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ተከታዮቿ ብዙም አልጠፉም፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ቀንሷል። የጠፋው ፌስቡክ ራሱ «ይሄን ደግሞ እዩት» እያለ ለማያውቋት ሰዎች ይሰጠው የነበረው ነው። እሱ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ሄዷል። ማለትም ፔጇ አልሞተም። ከምክር ዝርዝር ነው የወጣው።

ተቃራኒውም ይኖራል። የማያውቋት እንደነበሩ ሆነው ተከታዮቿ ከ1,500 ወደ 300 ቢወርዱ ኖሮ ጥያቄው ሌላ ይሆን ነበር። ያኔ የሰለቹት የራሷ ሰዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰለቸው ዋጋ ብቻ የተጻፈበት ፖስተር በየቀኑ መደጋገሙ ነው። ፌስቡክ «ግዙ» ከማለት በቀር ምንም የሌላቸውን የፔጅ ፖስቶች እንደሚቀንስ ያስታወቀው ገና በኅዳር 2007 ነው። «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ታግ አድርጉ» የሚል ልመናን ወደ ታች እንደሚያወርድ ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ተናግሯል። በቀጣዩ ወር፣ በጥር 2010፣ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት ከፔጅ ፖስት እንዲቀድም አደረገ። የዛሬ ነጋዴ ቪው ሲወርድበት መጀመሪያ የሚጽፈው «ላይክ ሼር» መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ይወርዳል የተባለውን ነገር ነው ጨምሮ የሚለጥፈው።

የእኛዋ ነጋዴ ችግር ግን የምክር ነው። ታዲያ ከምክር ዝርዝር ምን አወጣት?

በ2017 ክረምት ሁለት ለውጦች ተከታትለው መጡ። በሰኔ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ቪዲዮ ሁሉ ወደፊት ሪልስ እንደሚሆን አስታወቀ። ሪልስ በአብዛኛው የሚሠራው ለማያውቁህ ሰዎች በመምከር ነው። በሐምሌ ደግሞ ኦሪጅናል ባልሆነ ይዘት ላይ የሚወስደውን እርምጃ አጠበቀ። የሌላ ሰው ቪዲዮ፣ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ደጋግሞ የሚለጥፍ ገጽ ለተወሰነ ጊዜ ከፌስቡክ ገቢ ማግኘት እንደማይችል ተናገረ። የሚለጥፈው ነገር ሁሉ ስርጭትም ይቀንሳል ተባለ።

«የሚለጥፈው ነገር ሁሉ» የሚለውን በደንብ ያዙልኝ። ሁለት የተለያየ ቅነሳ አለ። አንደኛው በቪዲዮው ላይ ነው። ያው ቪዲዮ ቀድሞ ፌስቡክ ላይ በሌላ ገጽ ከተለጠፈ ፌስቡክ የቅጂውን ስርጭት ይቀንሰዋል። ሁለተኛው በገጹ ላይ ነው። ልማዱ ከተደጋገመ በገዛ እጅ የተነሳውም ፎቶ አብሮ ይወርዳል። የአከፋፋዩን ቪዲዮ ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም የምትለጥፈው። ያው ሞዴል፣ ያው አባያ፣ ያው ደረጃ ላይ ስትወርድ ደሴም ኮምቦልቻም አዳማም ባሉ ሱቆች ፔጅ ላይ አለ። ዜማ መቀየርና ስልክ ቁጥር መጻፍ ቪዲዮውን የእሷ አያደርገውም። የቲክቶክ ምልክት ጥግ ላይ ካለበት ደግሞ ይብሳል።

ከሁለቱ የትኛው እንደደረሰባት ማወቅ ይቻላል። የአከፋፋይ ቪዲዮዎቹን ለብቻ፣ ራሷ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ለብቻ ትለይ። የራሷ ፎቶ ድሮም 3,000 አሁንም 3,000 አካባቢ ከሆነ የተቀነሰው ቪዲዮው ብቻ ነው። ፎቶውም ከ3,000 ወደ 900 ከወረደ ገጹ ራሱ ተይዟል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ከዚያ በፔጁ ሜኑ ውስጥ Support home የሚለውን ትክፈት። ገጹ ከምክር የመውጣት ወይም ሌላ ቅጣት አደጋ ላይ ከሆነ እዚያ ይታያል። የተጠቀሰ ፖስት ካለ ታጥፋው፤ ስህተት ነው ብላ ካመነች ይግባኝ ትበል። ምንም ያልተጠቀሰ የድሮ ፖስት ግን በጅምላ አታጥፋ። የምታወዳድርበት ቁጥር አብሮ ይጠፋባታል።

አሁን ስለ ሥራው። መፍትሔው ራስ መቅረጽ ነው፤ ይሄን የሚል ሰው ብዙ ነው። ምን እንደሚቀረጽ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ከገዢ ጥያቄ እጀምራለሁ። አባያ የምትገዛ ሴት ኢንቦክስ ላይ የምትጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ «ያሳያል?»፣ «ለኔ ቁመት የቱ ይሆናል?»፣ «ሲታጠብ ይለቃል?» የአከፋፋዩ ቪዲዮ አንዱንም አይመልስም። ሞዴሏ ቆንጆ ሆና ታልፋለች፣ በቃ።

«ያሳያል?» ለሚለው እጅን ከጨርቁ በታች አስገብቶ ወደ ብርሃን ማንሳት ነው። ጠዋት፣ የሱቁ በር ላይ፣ አምፖል ጠፍቶ። ጣቶቹ ከታዩ ታዩ፣ ካልታዩ አልታዩም፤ ሁለቱንም እውነቱን ማሳየት ነው። «የቱ ቁመት?» ለሚለው ሜትር ይውጣ። አባያ ላይ የሚጻፈው 52፣ 54፣ 56 ርዝመቱ በኢንች ነው። 54 ማለት ከትከሻ እስከ ጫፍ 137 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ሜትሩን ከትከሻው ላይ ይዞ እስከ ታች ማውረድና ቁጥሩን ካሜራው ላይ ማሳየት ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ 54ቱን የምትለብስ እህት ወይም ጓደኛ ቁመቷ ተነግሮ ትቁም። ፊት መታየት የለበትም። ከአንገት በታች ይበቃል። ለማጠቡ ደግሞ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥቦ የአባያው የውስጥ ስፌት ላይ ማሸት ነው። ቀለም ከወጣ ነጩ ላይ ይታያል።

ዋጋውን በድምፅ መናገር ይሻላል። «ለዋጋው ኢንቦክስ» ማለት ገዢን ያደክማል፤ ደሴ ያለ ሰው ዋጋ ሳያውቅ ሱቅ ድረስ አይመጣም። ከቪዲዮው መጨረሻ ልመና ይቅርና እውነተኛ ጥያቄ ይግባ፦ «ለኒካህ ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ፌስቡክ በታኅሣሥ 2010ው ለውጥ ምክርና አስተያየት መጠየቅን ከልመናው ለይቶታል፤ አይቀንሰውም።

ሙከራው የሚበላሸው ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን በመለወጥ ነው። ሰዓት፣ ብዛት፣ ቋንቋ፣ ርዝመት፣ ምንጭ አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ስለዚህ ነጋዴዋ በፊት በምትለጥፍበት ሰዓትና ብዛት ትቀጥል፤ የምትለውጠው የቪዲዮውን ምንጭ ብቻ ይሁን። በሳምንት ሦስት የራሷ ቪዲዮ ብትለጥፍ በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ይሞላላታል። የመጨረሻው ሳምንት ሲሞላው አምስተኛውን ታውጣ። Non-followers ከ400 ወደ 1,000 ወይም 1,200 ከሄደ ምክንያቱን አግኝታዋለች። 450 ላይ ከሆነ ገና አልተፈታም። ሜታ ቅነሳው የሚነሳበትን ቀን ቆርጦ አይናገርም። ስለዚህ በሦስት ቀን ተስፋ ቆርጦ ወደ አከፋፋዩ ቪዲዮ መመለስ ድካሙን ከዜሮ ያስጀምረዋል። መሃል ላይ «ይችን አንዷን ብቻ» ብሎ መለጠፍም ያው ነው።

ይህ ሲሆን ገበያውስ? እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ቪው በሦስት አራተኛ ወረደ ማለት ሽያጭ በሦስት አራተኛ ወረደ ማለት አይደለም። ነጋዴዋ ኢንቦክሷን ትቁጠር። በፊት በቀን 25 ሰው ይጽፍላት ነበር፤ አሁን 17 ነው። ከ25ቱ ውስጥ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የሚጽፉት 12 ነበሩ፤ አሁን 10 ናቸው። የቀሩት ከጅማ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከዐረብ አገር ሆነው «ዋጋ?» ብለው የሚጠፉ ነበሩ። ሱቅ ገብቶ ለክቶ የሚገዛው ሰው ሁለት ብቻ ነው የቀነሰው። ይህን ያወቀች ሴት በድንጋጤ ብር አታወጣም።

ይህን ለማወቅ ግን ልማድ ያስፈልጋል። ገዢ ሱቅ ሲገባ «እህቴ ከየት አየሽን?» ብሎ መጠየቅና ደብተር ላይ አንድ ጭረት ማድረግ ነው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ሰው ነግሯት፣ በመንገድ ስታልፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የትኛው ቪው ብር እንደሆነ፣ የትኛው ቁጥር ብቻ እንደሆነ ይለያል።

ከዚያው ደብተር ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ ሲፈቅዱ ብቻ። ስም፣ ቁጥር፣ የገዛችው ቁመት፣ የምትወደው ቀለም። ቴሌግራም ቻናል ጥሩ ነው። ፖስት እንደ ፌስቡክ እየተመረጠ አይቀርብም፤ የለጠፉት በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ለሁሉም አባል ይደርሳል። የማንቂያ ድምፁን የዘጋ ሰው ግን ላያየው ይችላል። ስለዚህ የአባላቱን ብዛት ሳይሆን ከፖስቱ ሥር ያለውን የዓይን ምልክት ተመልከቱ። በ2015 ግን ቴሌግራምም ከተገደቡት አንዱ ነበር። ያኔ ለደንበኛ ደውሎ «54 ጥቁር ገብቷል» ማለት የቻለው ቁጥር የያዘው ነጋዴ ነው። እኛ አካባቢ ይህን ከውጭ መካሪ መስማት አያስፈልገንም፤ አይተነዋል።

ተከታዮች ዘንድ ያለውን ደግሞ ማጠንከር ይቻላል። ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው ፔጁን Favorites ውስጥ ካስገባ ፖስቱ ፊድ ላይ ከፍ ብሎ ይመጣለታል። ይህን በፖስት መለመን ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ለቆመች ቋሚ ደንበኛ ስልኳ ላይ ማሳየት ነው። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ስለ ቦስት አንድ ነገር ልበል። ቦስት ክፍያው እስኪያልቅ ቪው ይሰጣል፤ ገጹን ወደ ምክር ዝርዝር ግን አይመልሰውም። ለኢድ ሳምንት፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ብቻ ተወስኖ፣ በራስ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ከሆነ ትርጉም አለው። እኛ አገር ግን የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ነጋዴ በደላላ ነው የሚያስቦስተው። ደላላው «አድሚን አድርጊኝ» ይላል። ሙሉ ሥልጣን ከሰጣችሁት ፔጁን ራሱ ሊወስደው ይችላል፤ እናንተን አስወጥቶ ስሙን ቀይሮ ሊሸጠውም ይችላል። ማስታወቂያ ለመሥራት የሚያስፈልገው የማስታወቂያ ፈቃድ ብቻ ነው። እሱን ብቻ ስጡ፤ ሥራው ሲያልቅ አንሱት። አዲስ ፔጅ መክፈትም አያዋጣም። 18,000 ተከታይ ጥሎ ያንኑ የአከፋፋይ ቪዲዮ በዜሮ ተከታይ መጀመር ማለት ነው።

ስድስት ሳምንት ራሷ እየቀረጸች ቆይታ የማያውቋት ሰዎች ቪው አሁንም 400 ላይ ካለስ? ያኔ የአካባቢዋን ኢንቦክስ ትይ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚጽፉት 10 ላይ ካሉ ወይም ከጨመሩ፣ ለሪልስ የምታጠፋውን ጊዜ ቀንሳ በሳምንት አንድ ታድርገው። የተረፈውን ሰዓት ለቴሌግራሙና ለስልክ ደብተሩ ትስጠው። የአካባቢው ቁጥር ወደ አምስት፣ ስድስት ከወረደ ግን ችግሩ ከምክር ዝርዝሩ አልፏል። ተፎካካሪ ዋጋ ቀንሶ ይሆናል፣ ዲዛይኑ አልፎበት ይሆናል። ያንን አልጎሪዝም አይነግራትም። ሱቅ ገብተው ሳይገዙ የወጡትን ሦስት አራት ሴቶች ትጠይቅ።